«በነጻ» የተባለው ሰርቪስ ዋጋ አለው፦ የአንድ ውል ገንዘብ ለሦስት ግዴታ ሲከፋፈል

ጥያቄ፦ «ድርጅታችን ጀነሬተር አስመጥቶ ይሸጣል። መጋቢት 2016 ላይ ለአንድ የግል ሆስፒታል አንድ ጀነሬተር በ5,040,000 ብር ሸጥን፣ ቫት ሳይጨምር። ውሉ ‹ተከላ በነጻ፣ የ2 ዓመት ሰርቪስ በነጻ› ይላል። 30 በመቶ ቅድሚያ ተቀበልን፤ ቀሪው ተከላው ሲያልቅ የሚከፈል ነው። ተከላው ሚያዝያ 30 አለቀ፣ ሰርቪሱ ግንቦት 1 ጀመረ። ሙሉውን የ2016 ገቢ አድርጌ መዘገብኩት። ኦዲተሩ ግን በአይኤፍአርኤስ 15 መሠረት ዋጋው ለሦስቱ መከፋፈል አለበት አለኝ። እንዴት ነው የሚከፋፈለው? ደግሞ ከሐምሌ ወዲህ የሰርቪስ ዋጋችን በጣም ጨምሯል፤ ይሄስ ስሌቱን ይቀይረዋል?»

ኦዲተሩ ልክ ነው። «በነጻ» የሚለው የሽያጭ ሠራተኛ ቃል ነው። ሆስፒታሉ ያንን ሁሉ ብር ያወጣው ለማሽኑ ብቻ አይደለም። ለ2 ዓመት እየመጣችሁ ዘይትና ፊልትሮ እንደምትቀይሩለት ተማምኖ ነው። ስለዚህ ከ5,040,000 ብሩ ውስጥ የተወሰነው ሰኔ 30 ላይ ገና ያልሠራችሁት ሥራ ዋጋ ነው። ያልተሠራ ሥራ ደግሞ ገቢ ሳይሆን ዕዳ ነው።

መጀመሪያ ግዴታዎቹ በእርግጥ ሦስት መሆናቸውን እንይ። ስታንዳርዱ አንድን ነገር ለብቻው ቆሞ የሚታይ ግዴታ ለማለት ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ ደንበኛው ከዚያ ነገር ለብቻው ወይም ገበያ ላይ በቀላሉ ከሚገኝ ሌላ ነገር ጋር አድርጎ መጠቀም መቻል አለበት። ሁለተኛ፣ ቃል የተገባው ነገር በውሉ ውስጥ ካሉት ሌሎች ቃሎች ተለይቶ የሚታወቅ መሆን አለበት። የእናንተ ጀነሬተር ሌላ ኤሌክትሪሺያን ሊተክለው የሚችል ነው። ሰርቪሱንም ሌላ ጋራዥ ሊሰጥ ይችላል። ተከላው መሠረት ማውጣት፣ ኬብል መዘርጋትና ቼንጅኦቨሩን ማገናኘት ከሆነ ማሽኑን ወደ ሌላ ነገር አይለውጠውም። ስለዚህ ሦስት ናቸው።

ሁልጊዜ እንዲህ ነው ማለት ግን አይደለም። አራት ጀነሬተር አንድ ላይ ተቀናጅተው እንዲሠሩ፣ ለዚያ ሕንፃ ብቻ ተብሎ በተሠራ የመቆጣጠሪያ ቦርድ አስራችሁ ብታስረክቡ ነገሩ ይለያል። ደንበኛው የገዛው አንድ የተቀናጀ ሲስተም ነው። እዚያ ላይ ማሽንና ተከላ አንድ ግዴታ ይሆናሉ።

የፋብሪካው ዋራንቲም አራተኛ ግዴታ እንዳይመስልዎት። «በ1 ዓመት ውስጥ የፋብሪካ ጉድለት ከታየ እንጠግናለን» የሚለው ማሽኑ እንደተባለው መሆኑን ማረጋገጫ ብቻ ነው። ከዋጋው ድርሻ አይሰጠውም። የሚጠበቀው ወጪ በአይኤኤስ 37 መሠረት እንደ መጠባበቂያ ይያዛል። ሰርቪሱ ግን ምንም ሳይበላሽም የሚሰጥ ሥራ ነው። ሁለቱን ለመለየት ራስዎን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ማሽኑ ፍጹም ጤነኛ ቢሆንም እንሄዳለን? መልሱ አዎ ከሆነ አገልግሎት ነው።

ቀጥሎ የሚከፋፈለው ገንዘብ ስንት እንደሆነ ማወቅ ነው። እዚህ ቀላል ነው፤ 5,040,000 ብር። በ15 በመቶ የሚመጣው 756,000 ብር ቫት እናንተ ለመንግሥት የምትሰበስቡት ስለሆነ ከግብይቱ ዋጋ ውስጥ አይገባም። የቫት ደረሰኝ የተቆረጠበት ቀንም ገቢው የሚመዘገብበትን ቀን አይወስንም። ብዙ ቤት ስህተቱ የሚጀምረው «ደረሰኙ ስለወጣ ገቢ ነው» ከሚለው ልማድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ክፍፍሉ የሚሠራው እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ቢሸጥ በሚያወጣው ዋጋ መጠን ነው። ይህ ዋጋ የሚወሰደው ውሉ በተፈረመበት ቀን እንደነበረው ነው። ውሉ ላይ ከየዕቃው ጎን የተጻፈው ቁጥር ፍንጭ ሊሆን ይችላል፤ ግን ራሱ መልስ አይደለም። በእናንተ ውል ለተከላና ለሰርቪስ የተጻፈው ዜሮ ነው። ዜሮ ብር የሚያወጣ የ2 ዓመት ሰርቪስ ደግሞ የለም።

የእናንተን መዝገብ ስላላየሁ የሚከተሉት ቁጥሮች የእኔ ምሳሌ ናቸው። በራሳችሁ ይተኳቸው።

ጀነሬተሩን ራሳቸው ለሚተክሉ ኮንትራክተሮች ያለ ተከላና ያለ ሰርቪስ ትሸጣላችሁ እንበል። በመጋቢት አካባቢ በእርግጥ የሸጣችሁበት ዋጋ 4,800,000 ብር ነው። ይህ ምርጡ ማስረጃ ነው፤ ግምት አያስፈልገውም። የሚታየው ግን ደንበኛ በእርግጥ የከፈለው ዋጋ መሆኑን ልብ ይበሉ። ዋጋ ዝርዝሩ ላይ 5,500,000 ቢጻፍና በዚያ ዋጋ የገዛ ሰው ባይኖር ዝርዝሩ ማስረጃ አይሆንም።

ለሰርቪሱም ማስረጃ አያጡም። ነጻ ሰርቪሳቸው ያለቀባቸው ደንበኞች ውል ሲያድሱ ስንት ይከፍላሉ? በወር 25,000 ብር ከሆነ ለ24 ወር 600,000 ብር ነው። ብዙ ሰው ይህን ፋይል ማየት ይረሳል። «ሰርቪስ ለብቻው አንሸጥም» ይላሉ፤ እድሳቱ ግን ራሱ ለብቻው መሸጥ ነው።

ተከላው ለብቻው ተሽጦ ስለማያውቅ ግምት ይፈልጋል። እዚህ የሚመቸው ወጪ ላይ ተመጣጣኝ ትርፍ መጨመር ነው። የክሬን ኪራይ፣ የኤሌክትሪሺያኖቹ ደሞዝ፣ ኬብሉና የመሠረቱ ኮንክሪት ተደምሮ 160,000 ብር ወጣ እንበል። ለእንዲህ ያለ ሥራ ገበያው የሚቀበለው ትርፍ በወጪው ላይ 25 በመቶ ከሆነ 200,000 ብር ይመጣል። ተወዳዳሪዎቻችሁ ለተከላ የሚያስከፍሉትን ማየትም ተቀባይነት ያለው መንገድ ነው። ሁለቱንም ሠርቶ ማመሳከር ደግሞ ከኦዲተር ጋር ክርክር ያሳጥራል።

የሦስቱ ድምር 5,600,000 ብር ነው። ሆስፒታሉ የከፈለው 5,040,000። የ560,000 ብር ቅናሽ አለ ማለት ነው፤ ልክ 10 በመቶ። ቅናሹ ለሦስቱም እንደየድርሻቸው ይደርሳል። ጀነሬተሩ 4,320,000 ይሆናል። ተከላው 180,000፣ ሰርቪሱ 540,000 ይሆናሉ። ሰርቪሱ ለ24 ወር ሲካፈል በወር 22,500 ብር ነው። መልሰው ሲደምሩት 5,040,000 መምጣቱን ያረጋግጡ።

ይህን ስሌት የሚያበላሽ አንድ አቋራጭ አለ። ቆም ብዬ የማወራውም ብዙ ጊዜ ስለማየው ነው። «የማሽኑና የተከላው ዋጋ ይታወቃል፣ የተረፈው የሰርቪሱ ነው» ይባላል። እስቲ እናስላው፦ ከ5,040,000 ላይ 4,800,000 እና 200,000 ሲቀነስ የሚተርፈው 40,000 ብር ነው። ደንበኞች በ600,000 የሚያድሱት አገልግሎት 40,000 ብር ተባለ! በወር 1,667 ብር ገደማ ነው፤ የዘይቱን ዋጋ እንኳ አይሸፍንም።

ስታንዳርዱ ይህን የቀሪ ዘዴ የሚፈቅደው በሁለት ሁኔታ ብቻ ነው። አንዱ፣ ሻጩ ያንኑ ነገር ለተለያየ ደንበኛ እጅግ በተራራቀ ዋጋ የሚሸጥ ከሆነና አንድ ወካይ ዋጋ ማውጣት ካልተቻለ ነው። ሌላው፣ ነገሩ ገና ዋጋ ያልወጣለትና ለብቻው ተሽጦ የማያውቅ ሲሆን ነው። የእናንተ ሰርቪስ ከሁለቱም የለበትም። የእድሳት ዋጋ አለው።

ቅናሹን በሙሉ አንዱ ላይ መጫንም ይህንኑ ስህተት በሌላ በር ማስገባት ነው። ይህ የሚቻለው ማስረጃው ሲመሰክር ብቻ ነው። እያንዳንዱን ነገር በመደበኛነት ለብቻው መሸጥ አለባችሁ። ከውስጣቸው የተወሰኑትንም በጥቅል፣ በቅናሽ፣ በመደበኛነት መሸጥ ይኖርባችኋል። የዚያ ጥቅል ቅናሽ መጠንም ከዚህ ውል ቅናሽ ጋር ሊቀራረብ ይገባል። እናንተ ተከላን ለብቻው ስለማትሸጡ ገና መጀመሪያው ላይ ይቀራል።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ምዝገባው ራሱን ይመራል። ከቫት ውጭ ያለውን ብቻ ላሳይዎት።

ቅድሚያው 1,512,000 ብር ሲገባ ባንክ ዴቢት፣ የውል ዕዳ ክሬዲት ይሆናል። ገቢ የለም፤ ምንም አላስረከባችሁም።

ጀነሬተሩ ሚያዝያ ውስጥ ሆስፒታሉ ግቢ ደርሶ ቁጥጥሩ ሲተላለፍ 4,320,000 ብር ገቢ ይመዘገባል። ከዚህ ውስጥ 1,512,000 የውል ዕዳውን ያጠፋል። ቀሪው 2,808,000 ዴቢት የሚደረገው ተሰብሳቢ ሂሳብ ላይ አይደለም። ቀሪውን ክፍያ የምትጠይቁት ተከላው ካለቀ ነው። መብቱ ከጊዜ ማለፍ ውጭ ሌላ ቅድመ ሁኔታ ስላለበት የውል ሀብት ይባላል።

ተከላው ሲያልቅ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል። አሁን 3,528,000 ብሩን ያለ ቅድመ ሁኔታ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ ተሰብሳቢ ሂሳብ ዴቢት ይሆናል። በሌላው ወገን የውል ሀብቱ 2,808,000 ይዘጋል። የተከላ ገቢ 180,000 ይገባል። የተረፈው 540,000 የውል ዕዳ ሆኖ ይቀመጣል። ይህ ዕዳ የሰርቪሱ ድርሻ መሆኑን ያስተውሉ። ስሌቱ ትክክል ከሆነ እዚህ ላይ የሚቀረው ቁጥር ገና ካልተጀመረው ሥራ ድርሻ ጋር እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል።

ከግንቦት ጀምሮ በየወሩ ከዕዳው 22,500 ወደ ገቢ ይዞራል። ወርሃዊ እኩል ክፍፍሉ የሚያስኬደው ሆስፒታሉ አገልግሎቱን እኩል እያገኘ ሲቆይ ነው፤ የእናንተ ጉብኝት በየወሩ ተመሳሳይ ከሆነ ይሠራል። እስከ ሰኔ 30 ሁለት ወር ሆኖታል፤ 45,000 ብር። የ2016 ትክክለኛ ገቢ እንግዲህ 4,545,000 ነው። እርስዎ 5,040,000 ስለመዘገቡ 495,000 ብር ከፍ ብሏል። ማስተካከያው ገቢ ዴቢት 495,000፣ የውል ዕዳ ክሬዲት 495,000 ነው። ሁሉንም በማሽን ሽያጭ ስር ካስገቡት ደግሞ 180,000 ወደ ተከላ፣ 45,000 ወደ ሰርቪስ ገቢ ያዙሩ።

እዚህ ላይ ሥራ አስኪያጅ ብዙ ጊዜ የሚያቀርበው ሐሳብ አለ፦ «ገቢው እንደተመዘገበ ይቆይ፣ ለወደፊቱ ሰርቪስ ወጪ መጠባበቂያ እንያዝ።» ጥንቃቄ ይመስላል፤ ልክ ግን አይደለም። የሰርቪሱ ወጪ ለቀሪው 22 ወር 300,000 ብር ቢሆንና ያንን ብትይዙ፣ ከ495,000 ላይ የሚተርፈው 195,000 ብር ትርፍ ሥራው ሳይሠራ በ2016 ይገባል። ለዚህ ነው ስታንዳርዱ ወጪውን ሳይሆን የአገልግሎቱን ዋጋ በሙሉ እንድናዘገይ የሚጠይቀው።

ስለ ርክክብም አንድ ነገር ልጨምር። በእናንተ ጉዳይ ማሽኑም ተከላውም አንድ ዓመት ውስጥ ስላለቁ ቁጥሩ አይለወጥም። ማሽኑ ሰኔ 25 ደርሶ ተከላው ሐምሌ 10 ቢያልቅ ግን የርክክብ አንቀጹን በደንብ ማንበብ ያስፈልግ ነበር። ሆስፒታሉ በሙከራ አይቶ የመመለስ መብት ካለው፣ ሙከራውን እንደሚያልፍ አስቀድማችሁ በተጨባጭ ማሳየት ካልቻላችሁ የማሽኑ ገቢ ወደ ሐምሌ ይሻገራል። ማሽኑ ካታሎግ ላይ ያለ መደበኛ ዕቃ ከሆነና ፋብሪካው ፈትኖ የላከው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ማሳየት ይቻላል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ፊልትሮም መለዋወጫም ዋጋው ሌላ ሆነ። አሁን ለአዲስ ደንበኛ ሰርቪሱን በወር 45,000 ትሸጡ ይሆናል። ያ ግን የመጋቢቱን ውል ክፍፍል አይነካም። ለብቻ የሚሸጥበት ዋጋ የሚወሰደው ውሉ ሲጀመር ነው። በኋላ ቢለወጥ እንደገና አይከፋፈልም። 22,500 እንደሆነ ይቀጥላል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሆስፒታሉና እናንተ የተስማማችሁት በመጋቢት ዋጋዎች ነው። በየገበያው ንቅናቄ እንደገና ብናካፍል ያኔ አስረክበን የጨረስነው ማሽን ገቢ በየዓመቱ ይዋዥቅ ነበር። የዋጋው መጨመር የሚታየው በሌላ ቦታ ነው፤ የሰርቪሱ ወጪ ሲያድግ ትርፋችሁ ይቀንሳል። ውሉን ለመፈጸም የማይቀረው ወጪ ከውሉ ከሚገኘው ጥቅም ከበለጠ አይኤኤስ 37 ስለ ኪሳራ ውል የሚለው ይመጣል። ያኔ መጠባበቂያ መያዝ ግዴታ ይሆናል።

የሚለወጠው ከሆስፒታሉ ጋር ቁጭ ብላችሁ ዋጋ ካሻሻላችሁ ነው። ለምሳሌ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ተደራድራችሁ ሆስፒታሉ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ለቀረው ሰርቪስ ተጨማሪ 210,000 ብር ለመክፈል ቢስማማ ውሉ ተሻሽሏል። የሥራው መጠን አልጨመረም፣ ዋጋው ብቻ ነው። የቀረው ሰርቪስ አስቀድሞ ከተሰጠው የተለየ ስለሆነ ወደ ኋላ የሚነካ ነገር የለም። ነሐሴ 1 ላይ ያልተመዘገበው ቀሪ 472,500 ብር ነው፤ የሐምሌው 22,500 ስለተነሳ። 210,000 ሲጨመርበት 682,500 ይሆናል። ለቀሪው 21 ወር ሲካፈል በወር 32,500 ብር ነው። የጀነሬተሩ ገቢ ግን አይነካም።

ከማስተካከያው በፊት አንድ ሥራ ይቀርዎታል። የ2014 እና የ2015 ውሎችን አውጥተው «ነጻ ሰርቪስ» የሚል ያለበትን ሁሉ ይዩ። ሰኔ 30 ቀን 2015 ላይ ሰርቪሱ ያላለቀ ውል ካለ፣ የእሱም ገቢ ቀድሞ ተመዝግቧል ማለት ነው። ድምሩ ጉልህ ከሆነ የ2016 ገቢ ላይ ብቻ አርሞ ማለፍ አይቻልም። በአይኤኤስ 8 መሠረት የ2015 ንጽጽር ቁጥሮች ይስተካከላሉ፤ ከዚያ በፊት የተጠራቀመው ልዩነት ደግሞ በ2015 መክፈቻ ያልተከፋፈለ ትርፍ ላይ ይታረማል። ለኦዲተሩ ይህንን ዝርዝር ከእድሳት ውሎቹ ቅጂ ጋር አንድ ላይ ይስጡት።